«ጾም ላይ ነኝ» ብላችሁ አትጻፉ፦ ከእራት ግብዣ በፊት ለፈረንጅ ጋባዥ የሚላክ አጭር መልእክት

አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ቤቷ ጠራችኝ። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። «እመጣለሁ፣ ግን ጾም ላይ ነኝ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። ሐሙስ ዕለት ስደርስ ጠረጴዛው ሞልቷል። እኔ ፊት ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ አለ። ሴትየዋ ምግቡ እንዳይፈትነኝ ብላ የበዓሉ ትልቅ ወፍ ከሆነው ከተርኪው ራቅ አድርጋ ነው ያስቀመጠችኝ። ልወጣ ስል ደግሞ «ስትፈታ ትበላዋለህ» ብላ በፎይል የተጠቀለለ ሳህን አስያዘችኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ተርኪ ነው።

በዓመቱ፣ ሌላ ቤት ስጠራ፣ ብልጥ ሆንኩ ብዬ «ቬጀቴሪያን ነኝ» አልኩ። እነሱ ደግሞ ለእኔ ብለው ሦስት ዓይነት ቺዝ የገባበት ማካሮኒ ሠርተው ጠበቁኝ። ባልና ሚስቱ አጠገቤ ቆመው እስክቀምስ ያዩኛል። ያን ቀን የወጣኝን ላብ አልረሳውም።

ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነበር። እኛ «ጾም» ስንል የሚታየን የምግብ ዓይነት ነው። ምግብ ቤት ገብተን «የጾም ምን አላችሁ?» እንላለን። «ፋስቲንግ» የሚለው ቃል ግን ፈረንጅ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ምንም አለመብላት ማለት ነው። ሐኪሙ ለደም ምርመራ ባዶ ሆድህን ና ሲለው የሚጠቀምበት ቃል ነው። ወይም ደግሞ የሚያውቀው የሙስሊም ጓደኛውን ረመዳን ስለሆነ ፀሐይ እስክትጠልቅ መጠበቅ ይመስለዋል። ስለዚህ በመልእክታችሁ ውስጥ ዋናው ሥራ የጾሙን ስም መጻፍ ሳይሆን የምግቦቹን ስም መጻፍ ነው። ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ የማደርገውን እነግራችኋለሁ። ምሳሌዬ ታንክስጊቪንግ ነው፤ የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጋበዘው በዚያ ቀን ስለሆነ፣ ጠረጴዛውም በጣም አታላይ ስለሆነ።

1. መጀመሪያ ቀኑን አረጋግጡ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ግን ኖቬምበር 25 ይሆናል። ታንክስጊቪንግ ደግሞ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። አንዳንድ ዓመት ከጾሙ በፊት ይውላል፣ አንዳንድ ዓመት ውስጡ ይገባል። በ2023 ኖቬምበር 23 ነበር፣ ጾሙ አልገባም፣ ተርኪ ተበላ። በ2026 ኖቬምበር 26 ላይ ነው፤ በኛ ኅዳር 17 ቀን 2019። ጾም ነው። የፈረንጆቹ ገና ዲሴምበር 25 ደግሞ ሁልጊዜም የኛ ጾም ውስጥ ነው፣ የኛ ገና ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀረዋል።

ከዚህ ውጭ ሰው የሚዘነጋው ዓርብ ማታን ነው። ፈረንጅ እራት መጋበዝ የሚወደው ዓርብ ነው፤ በማግሥቱ ሥራ የለማ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ካልሆኑ፣ ወይም ገናና ጥምቀት ካልዋሉበት፣ ዓርብ ጾም ነው። ግብዣውን በስልክ «እሺ፣ እሺ» ብላችሁ ከዘጋችሁ በኋላ ካሌንደር መመልከት ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀኑ ክፍት ከሆነ ደግሞ ቅዳሜን ወይም እሑድን መጠየቅ ነውር የለውም። ታንክስጊቪንግን ግን ማንም አያዛውረውም።

2. ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ለራሳችሁ ወስኑ

አንደኛው ዓሣ ነው። እዚህ ላይ የኛ ሰው አንድ አይደለም። ጭራሽ የማይበላ አለ፣ ከዐቢይ ጾም በቀር በሌሎቹ የሚበላ አለ። ክርክሩን ለቤታችሁ ተዉትና ለጋባዡ «ዓሣ እበላለሁ» ወይም «ዓሣ አልበላም» ብላችሁ ቁርጡን ንገሩት። «አንዳንዶቻችን እንበላለን» ካላችሁት ሳልመን ገዝቶ ይጠብቃችኋል። «ዓሣ እበላለሁ» ያለ ሰው ደግሞ ሽሪምፕ ሊቀርብለት እንደሚችል ይወቅ። ለፈረንጅ ሁለቱም ከባሕር የወጡ ናቸው።

ሁለተኛው ዕቃ ነው። ቢላውና ማንኪያው ተርኪውን ነክቶ ድንቹን ቢነካ ይከብዳችኋል? የሚከብደው ሰው አለ፣ የማይከብደው አለ። ለምን ይህን እንደምላችሁ ከታች ትደርሱበታላችሁ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ስሙ እራት ይባል እንጂ የታንክስጊቪንግ ምግብ ብዙ ቤት የሚቀርበው በፈረንጅ ሰዓት ከ2 እስከ 4 ባለው ነው። በኛ አቆጣጠር ከስምንት እስከ አሥር መሆኑ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበሉ የምትቆዩ ከሆነና ምግቡ ስምንት ላይ የሚቀርብ ከሆነ ይህንንም መጻፍ አለባችሁ። ስትጽፉ ሰዓቱን በነሱ አድርጉት። አንድ ወዳጄ በልማድ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እበላለሁ» ብሎ ጽፎ ሰዎቹ እስከ ምሽቱ በፈረንጅ 9 ሳህኑን ሸፍነው አቆይተውበታል። ሦስት ማለት ነበረበት።

3. ከገበያቸው ቀድማችሁ ላኩ

ታንክስጊቪንግን የሚያዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ዕቃ የሚገዛው ከሐሙሱ በፊት ባለው ቅዳሜና እሑድ ነው። ረቡዕ ማታ ድንቹ ተልጦ፣ ፓዩ ተጋግሮ ያድራል። መልእክቱ ረቡዕ ማታ ከደረሰ የምታስተላልፉት መረጃ ሳይሆን ጭንቀት ነው። እኔ ከሳምንት በፊት እልካለሁ። ለተራ የዓርብ እራት ሦስት ቀን ይበቃል።

4. መልእክቱ

ጋባዧን ሊንዳ እንበላት። ከዚህ በታች ያለውን ወደ እንግሊዝኛ፣ ወደ ጀርመንኛ፣ ወደ ጣሊያንኛ፣ ወደምትኖሩበት ቋንቋ ትመልሱታላችሁ። ዓረፍተ ነገሮቹን ያሳጠርኳቸው ለዚህ ነው፣ በስልክ መተርጎሚያ ቢያልፉም አይበላሹም።

«ሰላም ሊንዳ፣ ስለጋበዝሽን በጣም እናመሰግናለን። ሐሙስ እኔና ባለቤቴ እንመጣለን። አንድ ነገር ቀድሜ ልንገርሽ። በዚህ ወቅት በሃይማኖታችን ምክንያት ሥጋ፣ ዶሮ፣ ተርኪ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቺዝና ቅቤ አንበላም። አትክልት፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝና የአትክልት ዘይት እንበላለን። አለርጂ አይደለም፤ በአንድ ምድጃ ቢበስል፣ በአንድ ጠረጴዛ ቢቀርብ ችግር የለውም። ምግብሽን አትቀይሪ። ከቻልሽ ከድንቹና ከፎሶሊያው ቅቤና ወተት ሳይገባበት ለሁለት ሰው ቀንሰሽ አስቀምጪልን። እኔ ለሁሉም የሚበቃ የምስር ወጥ ይዤ እመጣለሁ።»

ይኸው ነው። በስልክ ስክሪን ላይ አንድ ጊዜ ጣት ሳያስኬድ የሚነበብ መሆን አለበት። አሁን አንዳንዱ መስመር ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ላስረዳ።

«እንመጣለን» ቀድሞ የገባው ያለምክንያት አይደለም። «አንበላም» ከሚለው ከጀመራችሁ ጋባዡ የመቅረት ሰበብ እየፈለጋችሁ ይመስለዋል።

የማይበላው ዝርዝር ረዘም ያለው ደግሞ እያንዳንዱ ቃል የራሱ ቀዳዳ ስላለው ነው። «ሥጋ» ሲባል ብዙ ፈረንጅ የሚያስበው የበሬና የአሳማ ነው፣ ዶሮ ውጭ ይቀራል። «የወተት ተዋጽኦ» ሲባል እንቁላል ይገባል አይገባም የሚለው ራሱ ያምታታል። «ወተት» ሲባል ቅቤ ትዝ የማይለው ብዙ ነው፤ ቅቤ ለነሱ እንደ ዘይት መጥበሻ ነውና ምግብ መሆኑ አይታያቸውም። ከሁሉም በላይ ቅቤን በስሙ ጥሩት። ሌላውን ብትረሱ እንኳ ቅቤን አትርሱ።

«ቪጋን» ብዬ በአንድ ቃል ብገላገልስ? ቅርብ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያዋጣል። ሬስቶራንት ውስጥ እኔም እሱን ነው የምለው። ግን ሁለት ነገር ያመጣል። ቪጋን ማር አይበላም፣ የኛ ጾም ግን ማርን አይከለክልም፤ ጋባዡ ያለ ምክንያት ማሩን ከምግቡ ያወጣል። ሁለተኛው የሚቆይ ነው። «ቪጋን ነው» ተብሎ አንዴ ከተያዘ በፋሲካ ማግሥት ክትፎ ስትበሉ ሲያገኟችሁ ማስረዳት ሊኖርባችሁ ነው። «በዚህ ወቅት» የምትለዋን ቃል ያስገባሁት ለዚያ ነው። የሃምሳ አምስት ቀኑን ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታን፣ ነነዌን መዘርዘር ግን አያስፈልግም። ጋባዡ ወጥ ቤት ቆሞ ነው የሚያነበው። ታሪኩን ጠረጴዛ ላይ ከጠየቀ ትነግሩታላችሁ፣ መጠየቁም አይቀርም።

«አለርጂ አይደለም» የሚለው ጋባዡን ከትልቅ ሸክም ያወጣዋል። የማይበላ ምግብ ዝርዝር ሲደርሰው አሜሪካዊ መጀመሪያ የሚያስበው አለርጂን ነው። ከዚያ መክተፊያ ለብቻ፣ ቢላ ለብቻ፣ መጥበሻ ለብቻ ይላል። አቋራጭ መስሏቸው «አለርጂ አለብኝ» የሚሉ ልጆች አውቃለሁ። አታድርጉት። ውሸት መሆኑን ትተን፣ ሰውየው የእውነት ይጨነቃል፣ አምቡላንስ እስከ መጥራት ያስባል። ዕቃው መነካካቱ የሚከብዳችሁ ከሆናችሁ ግን ይህን መስመር አውጡትና «የኛን በሌላ ማንኪያ ብታወጪልን ደስ ይለናል» የሚል ተኩበት።

5. «ቀንሰሽ አስቀምጪልን» የሚለው መስመር

እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ጋባዡ አዲስ ምግብ እንዲሠራ አይጠይቅም፤ ከሚሠራው ላይ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ትንሽ እንዲያወጣ ብቻ ነው። ይህን ለመጠየቅ ግን የጠረጴዛውን ምግብ ማወቅ ያስፈልጋል።

የታንክስጊቪንግ ጠረጴዛን ላየ ሰው አትክልት በአትክልት ነው። ተርኪውን ካለፋችሁት ሌላው ሁሉ የጾም ይመስላል። አይደለም። የተፈጨው ድንች ቅቤና ወተት አለው። የፎሶሊያው ካሴሮል በእንጉዳይ ክሬም ነው የሚጋገረው። ስተፊንግ የሚሉት ዳቦ በተርኪ ወይም በዶሮ መረቅ ርሶ፣ ቅቤና ብዙ ጊዜ እንቁላል ገብቶበት ነው። ግሬቪው ከተርኪው የወረደው ስብ ነው። ስኳር ድንቹ ላይ የሚደረደረው ነጭ ማርሽማሎ ጀላቲን አለው፣ ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። ትንንሾቹ ለስላሳ ዳቦዎች ብዙ ጊዜ ወተትና ቅቤ አላቸው። የዱባው ፓይ እንቁላልና የቆርቆሮ ወተት ነው። እንዳለ የሚበላው ክራንቤሪ ሶሱ ነው፤ ፍሬው፣ ስኳርና ውሃ ነው። ሰላጣውም ቺዝ ካልተበተነበት ይሆናል።

እንግዲህ ሊቀነስ የሚችለው ምኑ ነው? ድንቹ ተቀቅሎ ቅቤው ሳይገባ ሁለት ጭልፋ ይወጣል፤ ጨውና የወይራ ዘይት ጠብ ይደረግበታል። ፎሶሊያው ክሬሙ ሳይፈስበት አንድ እፍኝ ይወጣል። ስኳር ድንቹ አንድ ሙሉ ፍሬ እንዳለ ምድጃ ውስጥ ይጣላል። የሰላጣው ማጣፈጫ ለብቻ ይቀርባል። ስተፊንጉንና ፓዩን ግን ተዉት፣ መቀነስ አይቻልም፤ ከሥሩ ነው የተቀላቀለው። እሱን መጠየቅ ሌላ ምግብ ሥሩልኝ ማለት ነው።

6. ምስሩ

ይዛችሁ የምትሄዱት ምግብ የእናንተ ዋስትና ነው። ጋባዡ ቢረሳ እንኳ አትራቡም። ሽሮ አልመርጥም፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ሰው ቤት ደግሞ ምድጃው ሁሌም በተርኪው ተይዟል። ምስር ወጥ ግን ለብ ብሎም ይበላል። ለስምንት ሰው እንደ ተጨማሪ ምግብ ሁለት ኩባያ ቀይ ምስር፣ አራት ትልልቅ ሽንኩርትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ በቂ ነው። ለእኛ ቤት አልጫ ሊባል ምንም አይቀረው። እነሱ ግን ውሃ እየጠጡ ይበሉታል።

«ለሁሉም የሚበቃ» ያልኩትን ልብ በሉ። ለራስ ብቻ ቋጥሮ መሄድ ምግባችሁን አላመንኩትም የሚል ይመስላል። ለሁሉም ከሆነ ስጦታ ነው። ደግሞም እዚያ አገር ለታንክስጊቪንግ አንድ ምግብ ይዞ መምጣት የተለመደ ስለሆነ ማንም አይገረምም።

7. መልስ ሲመጣ

ሊንዳ ዝም ብላ «እሺ» ካለች ጥሩ። ብዙ ጊዜ ግን ጥያቄ ይመጣል። «የዶሮ መረቅ ብቻ ቢሆንስ? ሥጋው አይኖርም።» መልሱ «እሱም አይሆንም፣ የአትክልት መረቅ ግን ይሆናል» ነው። «ትንሽ ቅቤስ?» «ትንሹም አይሆንም፣ ዘይት ይተካዋል።» «ማርጋሪንስ?» እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወተት የገባበት ማርጋሪን አለ። ከዚህ ይልቅ ዘይት በሏት፣ ቀላል ነው። ለቡና «ወተት ያልሆነ ክሬመር አለኝ» ካለች፣ ዱቄቱ ብዙ ጊዜ ከወተት የወጣ ፕሮቲን አለው። ቡናውን ጥቁር ጠጡ። ለነገሩ ቡናን በክሬመር መጠጣት ከጀመርን ነው ችግሩ።

እያንዳንዷን «አይሆንም» በአንድ «ይሆናል» ዝጉ። ጋባዥን የሚያደክመው ክልከላው ሳይሆን አማራጭ ማጣቱ ነው።

ጋባዡ ቃሉ ካለው

አንዳንድ ጋባዥ የራሱ የጾም ቃል አለው፣ ያኔ መልእክቱ ያጥራል። ለግብፅ ኮፕት «ሲያሚ» በሉት፣ ወዲያው ይገባዋል፤ ግን እነሱ በአንዳንድ ጾም ዓሣ ስለሚበሉ ዓሣን ለብቻ ጥቀሱ። ለግሪክ «ኒስቲሲሞ» ነው፤ እነሱ ደግሞ በጾም ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ስለሚበሉ ያንን ካልተናገራችሁ ሳህናችሁ ላይ ስምንት እግር ታገኛላችሁ። እስራኤል ያላችሁ «ፓርቬ» የሚለው ቃል እንዳያታልላችሁ። ሥጋም ወተትም የሌለው ማለት ነው፣ ጥሩ ይመስላል፤ እንቁላልና ዓሣ ግን ፓርቬ ናቸው። ዓረብ አገር ሙስሊም አሠሪ ቤት ከሆናችሁ «ሲያም» ብቻ ካላችሁ ረመዳን ነው የሚታሰበው። እዚያም ወደ ምግቦቹ ስም መመለስ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ካልተሳካ

መልእክቱ ደርሶም ይሳሳታሉ። ድንቹን ስትቀምሱ ቅቤ ቅቤ ካለ መርማሪ አትሁኑ። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ምስሩን ጨምሩ። በቁርጥ ማወቅ ካስፈለጋችሁ ጋባዡን ለብቻው፣ ወጥ ቤት ስትገቡ ጠይቁት፤ በእንግዶቹ ፊት አይደለም። የታሸገ ነገር ከሆነ ማሸጊያውን ማየት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ወተትና እንቁላል ካለበት ማሸጊያው ላይ በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው። ጀላቲንና የዶሮ መረቅ ግን እዚያ ማስጠንቀቂያ ውስጥ አይገቡም፣ ዝርዝሩን ማንበብ ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ዓመት ከላይ ያለውን መልእክት የሚመስል ነገር ልኬ ሄድኩ። የቤቱ እመቤት ድንቹን ቀንሳልኝ ነበር፣ ስኳር ድንቹም ከነልጣጩ ተጠብሶ ጠበቀኝ። ምስሩን ልጆቹ ጨረሱት። ልወጣ ስል እንደ መጀመሪያው ዓመት በፎይል የተጠቀለለ ሳህን አስያዘችኝ። ያለፈውን አስታውሼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ድንችና ፎሶሊያ ነበር፤ በማግሥቱ ዓርብ ምሳ ሆነኝ።